የወቅቱን መጀመሪያ ፍሬ፣ ዝናብንና ውብ እይታን በቡራኬ መቀበል፦ በሦስት ወጎች እንዴት እንደሚደረግ

በእጅዎ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ በለስ አለ እንበል። ቆዳው ለስልሷል፤ ከታች ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የማር ጠብታ የመሰለ ፈሳሽ አቅርሯል። አይሁዳዊ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ይህንን በለስ ከመቅመሳቸው በፊት ሦስቱም አንድ ነገር ይላሉ ወይም ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ቃሉም፣ ጊዜውም፣ ቃሉ የሚነገርለት አካልም ይለያያል። ቀጥሎ ያለው እያንዳንዱ ወግ በየደረጃው እንዴት እንደሚፈጸም ያሳያል፤ ሰፋ ያለው ቦታ የተሰጠው ለፍሬና ለዝናብ ነው፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በእነርሱ ላይ ስለሆነ።

መጀመሪያ፦ የሚባረከው ማን እንደሆነ ይለዩ

በአማርኛ «ባረከ» የሚለው ግስ በሁለት አቅጣጫ ስለሚሄድ ልዩነቱን ሊሸፍንብን ይችላል። እግዚአብሔር ሰውን ይባርካል፤ መዝሙረኛው ደግሞ «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ» ይላል። በአይሁድ ወግ በምግብ ላይ የሚባለው ቡራኬ ሁለተኛውን አቅጣጫ ይይዛል። «ብሩክ አንተ» ብሎ ይጀምራል፤ የሚባረከው ሰጪው እንጂ በለሱ አይደለም፤ ስለዚህም በለሱ ከቡራኬው በኋላ የተቀደሰ ነገር አይሆንም። እንዲያውም የሚሆነው ተቃራኒው ነው። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ውይይት የተሰበሰበበት የታልሙድ መምህራን «ምድር የእግዚአብሔር ናት» የሚለውንና «ምድርን ለሰው ልጆች ሰጣት» የሚለውን ሁለት የመዝሙር ቃላት አጠገብ ለአጠገብ አቁመው እንዴት እንደሚስማሙ ጠየቁ፤ መልሳቸውም የፊተኛው ከቡራኬ በፊት፣ የኋለኛው ከቡራኬ በኋላ ነው የሚል ሆነ። ሳይባርክ የበላ ሰው ለእግዚአብሔር ከተለየ ንብረት እንደ ወሰደ ይቆጠራል፤ ቡራኬው በለሱን ከባለቤቱ ተቀብሎ ለመብላት የሚያበቃ ፈቃድ ነው ማለት ነው።

በእስልምና ግን ስለ መጀመሪያ ፍሬ የሚባለው ዱዓ በረካ ወደ ፍሬው እንዲገባ ይለምናል። ሰዎች የመጀመሪያውን ፍሬ ለነቢዩ ሙሐመድ ባመጡላቸው ጊዜ ተቀብለው «አላህ ሆይ፥ በፍሬያችን ላይ በረካ አድርግልን፣ በከተማችን ላይ በረካ አድርግልን፣ በቁናችንና በመስፈሪያችን ላይ በረካ አድርግልን» እንዳሉ የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ይገኛል። በዐረብኛው የተጠቀሱት ስፍሮች ሷዕና ሙድ ናቸው፤ አንድ ሷዕ 4 ሙድ ይሆናል። ልመናው በእጅ ካለችው አንዲት ፍሬ ተነሥቶ በገበያ እስከሚሰፈረው እህል ድረስ መዘርጋቱን ልብ ይበሉ።

በክርስትናው ጥንታዊ ሥርዓት ደግሞ ፍሬው ራሱ ጉዞ ያደርጋል። በላቲን፣ በቅብጥ፣ በዐረብኛና በግእዝ በደረሰን «ሐዋርያዊ ትውፊት» በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ መሠረት ገበሬው በኵራቱን ወደ ኤጲስ ቆጶሱ ያመጣል፤ ኤጲስ ቆጶሱም ያመጣውን ሰው ስም ጠርቶ ያመሰግናል። እዚህ ላይ ምስጋናና መሥዋዕት አንድ ሆነዋል፤ ቃሉንም የሚናገረው የሚበላው ሰው ሳይሆን ተቀባዩ ነው።

ቀጥሎ፦ ፍሬው የትኛው መደብ ውስጥ እንደሚገባ ይወስኑ

በአይሁድ ወግ ትክክለኛው ቃል የሚመረጠው በበቀለበት ነገር ነው። ለዛፍ ፍሬ «ቦሬ ፕሪ ሃዔጽ»፣ ማለትም «የዛፍን ፍሬ የፈጠረ» ይባላል፤ ከምድር ለሚወጣ «ቦሬ ፕሪ ሃአደማ»፣ «የምድርን ፍሬ የፈጠረ» ይባላል። ዳቦ፣ ከእህል የተሠራ ሌላ ምግብና ወይን የየራሳቸው ቃል አላቸው፤ ለቀረው ሁሉ «ሸሃኮል»፣ «ሁሉ በቃሉ የሆነ» ይበቃል። አሳሳቹ ሙዝ ነው፤ ዛፍ ይመስላል፣ ነገር ግን ፍሬ ያፈራው ግንድ ለሚቀጥለው ዓመት ስለማይቆይ ከምድር ፍሬ ይቆጠራል።

ስሕተት ቢፈጠር የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ ሚሽና የሚሰጠው ፍርድ ማስተዋል ያለበት ነው። በዛፍ ፍሬ ላይ «የምድር ፍሬ» ያለ ሰው ግዴታውን ፈጽሟል፤ ዛፍም ከምድር ነውና። በምድር ፍሬ ላይ «የዛፍ ፍሬ» ያለ ግን አልፈጸመም። ስለዚህ መደቡን መለየት ያቃተው ሰው ሰፊውን ቃል ቢመርጥ ይሻላል፤ ሰፊው እውነት ሆኖ ይቀራል፣ ጠባቡ ግን ሐሰት ሊሆን ይችላል።

«ሐዋርያዊ ትውፊት»ም መደብ አለው፤ የሚለየው ግን በሌላ ነገር ነው። ወይን፣ በለስ፣ ሮማን፣ ወይራ፣ ፖም፣ ኮክና ለውዝ ይባረካሉ፤ ዱባ፣ ሐብሐብ፣ ዱባ መሳይ አትክልቶች፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይባረኩም። ከአበባም ጽጌረዳና ሊሊ የሚባለው አበባ ይቀርባሉ፤ ሌላው አይቀርብም።

ከዚያ፦ ጊዜውን ይጠብቁ

የአይሁዱን ወግ በለሱ ላይ እንፈጽመው። በለሱን ታጥቦ፣ ተከፍቶ፣ ትል እንደሌለው ከታየ በኋላ በቀኝ እጅ ይይዙታል። ይህ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው፤ ከቡራኬው በኋላ ለማጠብ ወይም ለማየት ቢነሡ በቃሉና በመብላቱ መካከል ክፍተት ይገባል። የዛፉን ፍሬ ቡራኬ ይላሉ። በዚህ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሉት ከሆነ «ሸሄሔያኑ» የሚባለውን ይጨምራሉ፤ ትርጉሙም «በሕይወት ያኖረን፣ ያጸናን፣ ለዚህም ጊዜ ያደረሰን» ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ለሚል ሰው ይህ ቃል ሩቅ አይደለም። ከሁለቱ ቡራኬዎች የትኛው እንደሚቀድም ልማዱ ይለያያል። ሁለቱንም እንደጨረሱ ወዲያው፣ ሌላ ቃል ሳይናገሩ ይቀምሳሉ። ከመብላት በፊት ለሚባለው ቡራኬ መጠን የለውም፤ በኋላ ለሚባለው ግን የወይራ ፍሬ ያህል መብላት ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ በማያቋርጥ ፍሬ ላይ «ሸሄሔያኑ» አይባልም፤ መመለሱን የምናስተውለው ጠፍቶ ስለነበር ነው።

በሐዲሱ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ነቢዩ ዱዓውን ካደረጉ በኋላ ፍሬውን ራሳቸው አልቀመሱም፤ በዚያ ካሉት ልጆች ትንሹን ጠርተው ሰጡት። ለእኔ በሦስቱ ወጎች ውስጥ ካሉት የእጅ ሥራዎች ሁሉ ይህ እጅግ የሚነካው ነው፤ ገና የመጣው ፍሬ ገና ወደ ዓለም ለመጣው ሰው ይደርሳል።

በግሪክና በስላቭ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የወይኑ ጊዜ በበዓል ተወስኗል። ጌታ በተራራ ላይ በተለወጠበት በዓል ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይኑን ይባርካል፤ የጠነከረው ልማድም አዲሱን ወይን እስከዚያ ቀን አለመብላት ነው።

ዝናብ ሲዘንብ፦ መጀመሪያ ማን እንደሆኑ ይጠይቁ

በታልሙድ መሠረት የዝናብ ቡራኬ የሚወሰነው በሰማዩ ብቻ ሳይሆን በሚናገረው ሰው ይዞታ ነው። የራሱ ብቻ የሆነ እርሻ ያለው «ሸሄሔያኑ» ይላል። እርሻውን ከሌላ ጋር የያዘ «ሃቶቭ ቬሃሜቲቭ»፣ «ቸርና ቸርነትን የሚያደርግ» ይላል፤ ደስታው ለሁለት ስለተካፈለ ነው። እርሻ የሌለው ደግሞ «ላወረድህልን ጠብታ ሁሉ እናመሰግንሃለን» ብሎ የሚጀምር ምስጋና ያደርሳል።

መቼ ነው የሚባለው? የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ አይደለም። ታልሙዱ «ሙሽራው ሙሽሪትን ሊቀበል ሲወጣ» ይላል፤ ይኸውም ምድሩ ላይ ውሃ ተኝቶ፣ የሚወርደው ጠብታ ሲመታው ከታች አረፋ ሲነሣና እርስ በርሱ ሲገናኝ ነው። ምልክቱን ለማየት ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ መሬት መመልከት ያስፈልጋል። ይህ ቡራኬ የሚነገረው ዝናብ ቀርቶ ሰዎች ከተጨነቁ በኋላ ነው፤ ዝናብ በየጊዜው በሚወርድባቸው አገሮች አይባልም።

በእስልምና ለዝናብ የሚባለው በሦስት ጊዜ ይከፈላል። ሲዘንብ «አላሁመ ሰይዪበን ናፊዓን»፣ «አላህ ሆይ፥ የሚጠቅም ዝናብ አድርገው» ይባላል። ካባራ በኋላ «በአላህ ችሮታና እዝነት ዘነበልን» ይባላል፤ ይህ ቃል ዝናቡን በከዋክብት ያሳብቡ ለነበሩት የተሰጠ መልስ ነው። ሲበዛ ደግሞ «በዙሪያችን እንጂ በላያችን አይሁን» ተብሎ በኮረብታዎች፣ በሸለቆዎችና በዛፎች ሥር ላይ እንዲወርድ ይለመናል። ስለዚህ «የሚጠቅም» የምትለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባችም። ከቃሉ ሌላም አድራጎት አለ፤ ነቢዩ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ዝናቡ አካላቸውን እንዲነካው እንዳደረጉ፣ ምክንያቱንም ሲጠየቁ ከጌታው ዘንድ ገና አሁን የመጣ መሆኑን እንደ ተናገሩ የነቢዩ ባልደረባ አነስ አስተላልፈዋል።

ውብ ነገር ሲያዩ

በአይሁድ ወግ ለተራራ፣ ለባሕርና ለበረሃ «የፍጥረትን ሥራ የሠራ» ይባላል፤ ያንኑ ተራራ 30 ቀን ሳይሞላ ደግሞ ያየ ሰው ቡራኬውን አይደግምም። ለመብረቅ ግን የተለየ መለኪያ አለ፤ ሰማዩ እስካልጠራ ድረስ አንዱ ቡራኬ ይበቃል፣ ጠርቶ እንደገና ከደመነ እንደ አዲስ ይባላል። ቃሉ መብረቁ እንደታየ በቅጽበት ካልተነገረ ጊዜው ያልፋል። ለቀስተ ደመና «ቃል ኪዳኑን የሚያስብ» ይባላል፤ ከዚያ ግን ትኩር ብሎ ማየት አይመከርም።

በእስልምና ያማረ ነገር ሲታይ «ማሻ አላህ» ማለት የተለመደ ነው፤ መሠረቱም በቁርኣን 18ኛው ምዕራፍ ስለ አትክልት ቦታው ለተመካው ሰው ጓደኛው የነገረው ቃል ነው። የሌላ ሰው ንብረት ወይም መልክ ሲያስደንቅ ደግሞ ለዚያ ሰው በረካ መለመን ይገባል፤ አድናቆት ያለ ልመና ክፉ ዓይን ሊሆን ይችላልና።

ሲሳሳቱ ወይም ሲረሱ

በአይሁድ ወግ በከንቱ የተባለ ቡራኬ ከባድ ነገር ነው። ባርኬአለሁ ወይስ አልባረክሁም ብሎ የተጠራጠረ ሰው በአብዛኛው አይደግምም፤ ያለ ቦታው የተናገረም «የመንግሥቱ የክብር ስም ለዘለዓለም ይባረክ» የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ወዲያው ያስከትላል። ቡራኬውን ለሌላ ለማስረዳት ብቻ የሚጠቅስ ሰው በመለኮቱ ስም ፈንታ «ሃሼም»፣ «ስሙ» ይላል። በእስልምና ቢስሚላህ ሳይል መብላት የጀመረ ሰው ትዝ ሲለው «በመጀመሪያውም በመጨረሻውም በአላህ ስም» ብሎ ይቀጥላል።

ሳይባርኩ በለሱን ጎርሰው ከሆነ ታልሙዱ ምግቡን በዐይነቱ ለይቶ ይመልሳል። መጠጥ ከሆነ ይዋጣል። ከአፍ ቢወጣ የማያስጠላ ነገር ከሆነ አውጥቶ ይባረካል። እንደ ታኘከ በለስ የሚያስጠላ ከሆነ ግን ወደ አንድ ጉንጭ ገፋ ይደረግና፣ በሌላው በኩል ቡራኬው ይባላል፤ ከዚያም ይዋጣል።