ሬስቶራንት ግዛ ሲሏችሁ፦ የትርፍና ኪሳራ ወረቀቱን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ፣ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ስልኬ ጮኸ። ሜሪላንድ ከገባ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇ በቴሌግራም አንድ ወረቀት ልኮልኛል። ከሥሩ «ጋሼ፣ እይልኝማ፣ ሊሸጡልኝ ነው» ይላል። ያገራችን ሰው የሚሠራበት የሐበሻ ሬስቶራንት ነው። የአንድ ወር የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ነው የላከው፤ የመጨረሻው መስመር 20,400 ዶላር ትርፍ ይላል።

እኔም እዚያ አገር ሬስቶራንት ይዤ ስለነበር መጨረሻውን መስመር ትቼ ከላይ ጀመርኩ። አዲስ የገባችሁ ልጆች፣ እንዲህ ያለ ወረቀት አንድ ቀን ለእናንተም መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ከልጁ ጋር የሠራነውን ሒሳብ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው መስመር ሽያጭ 70,000 ይላል። «ይሄ ከካሽ ሬጅስተሩ የወጣ ጠቅላላ ነው ወይስ የቤቱ ገንዘብ?» አልኩት። ጠይቆ መጣ። ለካ ከደንበኛው የተሰበሰበው 6 በመቶ ሴልስ ታክስ፣ ማለትም 3,600 ዶላር፣ እዚያው ውስጥ አለ። 6,400 ዶላር ቲፕም አለ። ታክሱ የመንግሥት ነው፣ ቲፑ የአስተናጋጆቹ። ለመንግሥትና ለአስተናጋጆቹ ሲከፈል ደግሞ ወረቀቱ ላይ በወጪ አልተጻፈም። ሁለቱ ሲወጡ እውነተኛው ሽያጭ 60,000 ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ፐርሰንት ሁሉ የሚሰላው በዚህ ቁጥር ነው። ይህ ከተሳሳተ ሌላውም አብሮ ይሳሳታል።

ቀጥሎ ወጪውን በሦስት ክምር ከፈልነው። ፕራይም ኮስት፣ ኪራይ፣ ሌላው ወጪ።

ፕራይም ኮስት የሚባለው የምግቡና የመጠጡ ዋጋ ከሠራተኛው ወጪ ጋር ተደምሮ ነው። ለምን ይደመራሉ? እንጀራን አስቡ። ከጋጋሪ ገዝታችሁ ከሆነ ወጪው ምግብ ላይ ይጻፋል። ራሳችሁ ካስጋገራችሁ የምግቡ ወጪ ዝቅ ይልና የጋጋሪዋ ደመወዝ ሠራተኛ ላይ ይወጣል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ቤቱ ጎበዝ ወይም ሰነፍ ይመስለዋል። ድምሩ ግን አያታልልም። አስተናጋጅ ያለው ሬስቶራንት ከሽያጩ ከ60 እስከ 65 በመቶ ውስጥ ሊይዘው ይገባል የሚባለው ይህን ድምር ነው።

የምግቡ መስመር 19,000 ይላል። ይህ በወሩ የተገዛው ነው፤ የተበላው ግን ሌላ ነው። ወሩ ሲገባ መጋዘንና ፍሪጅ ውስጥ 9,000 ዶላር የሚያወጣ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ቅቤና ሥጋ ነበረ። ወሩ ሲያልቅ የቀረው 6,000 ነው። መነሻውን ከግዢው ደምሩ፣ የቀረውን ቀንሱ፤ 22,000 ይመጣል። ሻጭ ቤቱን ሊለቅ ሲል መግዛቱን ቀንሶ ያለውን ይጨርሳል፣ ወረቀቱ ላይ ቆጣቢ ይመስላል። ቆጠራው የት አለ ብላችሁ ጠይቁ። ቆጠራ ከሌለ የምግብ ወጪው ግምት ነው።

ሠራተኛው ጋ ስንደርስ እህቴ ጣልቃ ገባች። እሷ ለብዙ ዓመት ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችን ማለት ይቻላል። ወረቀት አታነብም፣ ሒሳብ ግን ታውቃለች። «የሚሠራው ማነው?» አለች። ልጁ «ወጥ የምትሠራው የባለቤቱ ሚስት ናት» አለ። «ስንት ይከፍሏታል?» ዝም አለ። ወረቀቱን አየሁት፣ የለችም።

«እኔም የጌሾውንና የእንጨቱን ነበር የምቆጥረው። የጉልበቴን ማን ቆጥሮልኝ!» አለችና ወደ ጀበናዋ ዞረች።

ቤቱ ሲሸጥ ያቺ ሴት ከባሏ ጋር ትሄዳለች። በቦታዋ ወጥ ሠሪ ሲቀጠር ከነታክሱ በወር 4,400 ዶላር አደረግነው። የተጻፈው ደመወዝ 14,500 ነው። አሠሪው የሚከፍለው 7.65 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ ደግሞ ታች «ልዩ ልዩ ታክስ» ከሚለው ውስጥ ተደብቆ ተገኘ። በቲፑም ላይ ስለሚከፈል ወደ 1,600 ይጠጋል። ሦስቱ 20,500 ሆኑ።

እንግዲህ ፕራይም ኮስቱ 42,500 ነው፣ ከሽያጩ 71 በመቶ ገደማ። በሻጩ ወረቀት፣ 19,000ና 14,500 ደምረን ለ70,000 ብናካፍለው፣ 48 በመቶ ይመጣ ነበር። 48 የሚል የሐበሻ ሬስቶራንት ካያችሁ ከመደሰታችሁ በፊት የጎደለ ሰው ወይም የጎደለ ሸቀጥ ፈልጉ።

ኪራዩ 5,500 ተብሏል። ልጁ የኪራይ ውሉን፣ ሊዙን፣ ሲያነበው ግን ተከራዩ የሕንፃውን የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና የጋራ ቦታ ወጪም ይከፍላል። እሱ 1,500 ሌላ ወጪ ውስጥ ተበትኖ ነበር። ሰብስበን ኪራይ ላይ ስናኖረው 7,000 ሆነ፣ ወደ 12 በመቶ። ብዙ ሰው ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይላል። ኪራይን ለብቻው የማስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ቀልጣፋ ሥራ አስኪያጅ ብትሆኑም ሊዙ እስኪያልቅ አትነኩትም።

የቀረው መብራት፣ ጋዝ፣ የካርድ ክፍያ ኮሚሽን፣ ጥገና፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። 7,500። እዚህ ላይ ብዙ አልቆየንም። ከየአንዱ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር ብትቆርጡ ቤቱን አያድነውም።

ደምሩት፦ 42,500፣ 7,000፣ 7,500። 57,000 ነው። የቀረው 3,000 ዶላር። ልጁ ለመግዣ የሚበደረው ብድር በወር 2,800 ይከፈልበታል። የብድሩ ዋና ገንዘብ ትርፍና ኪሳራ ወረቀት ላይ በወጪ አይወጣም፣ ወለዱ ብቻ ነው የሚጻፈው። ከኪስ የሚወጣው ግን ሁለቱም ነው። በወር 200 ዶላር ይተርፈዋል። እሱም የራሱን ደመወዝ ሳያስብ።

«እና ልተወው?» አለኝ። ተው አላልኩትም። ከሦስቱ ክምር የሚስተካከለው ፕራይም ኮስቱ ነው። ቅዳሜ ማታ ትሪዎቹ ሲመለሱ ቆመህ እይ አልኩት። አየ። በየትሪው ዳር ያልተነካ ጥቅልል እንጀራ ይመለሳል። በአማካይ አንድ ሰው 20 ዶላር ቢከፍል ወሩ 3,000 ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ግማሽ እንጀራ ቢጣል፣ አንዱ አንድ ዶላር ከሆነ፣ 1,500 ዶላር ነው። ከሽያጩ 2.5 በመቶ ቆሻሻ ውስጥ ገባ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀንሶ አቅርቦ ሲጠየቅ መጨመር ይቻላል። እንግዳ ተቀባይነታችን አይጎድልም፤ ጎጃም ቤት እንኳን «ጨምሩላቸው» የሚባለው ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ ወር ደግሞ አይበቃም። የሐበሻ ሬስቶራንት በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ እንደ ልቡ አይሸጥለትም፣ ፋሲካ ሲመጣ ይገለበጣል። የአሥራ ሁለቱን ወር ጠይቁ። ከዚያ ለግዛቱ ከተላከው የሴልስ ታክስ ሪፖርት ጋር ሽያጩን፣ አሠሪው የከፈለውን ደመወዝ በየሦስት ወሩ ለፌዴራል መንግሥት ከሚያሳውቅበት ፎርም 941 ጋር ደመወዙን አስተያዩ። ለመንግሥት ትንሽ ሽያጭ አስመዝግቦ ለእናንተ ትልቅ የሚያሳይ ሰው፣ ከሁለቱ በአንዱ ዋሽቷል።

ልጁ እነዚህን ወረቀቶች ከጠየቀ አሥር ቀን ሆነው። ሻጩ «እልክልሃለሁ» ብሎታል። እስካሁን አልላከም።