ኢሜይል መግባት ያቆመው ለምን ነበር?

ሐዋሳ ያለው ፎቶ ቤታችን ጂሜይል ድንገት መቀበል አቆመ። ምክንያቱ ለጉግል የምንከፍለው የ100 ጊጋባይት ማከማቻ ቦታ ክፍያ ነው፤ ካርዱ ጊዜው አልፎበት እድሳቱ ከሸፈ። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ብቻ ነው። እሱንም ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶዎች ይጋሩታል። የኛ ፋይል 38 ጊጋባይት ነበር።

ደግነቱ ፋይሉ ወዲያው አይጠፋም። ማየትና ማውረድ ይቻላል፤ አዲስ መጫን ግን አይቻልም። ከገደቡ በላይ ሆኖ 2 ዓመት ከቆየ ግን ሊሰረዝ ይችላል።

የሰርግ ቪዲዮዎቹን ወደ ሃርድ ዲስክ አወረድን። እየከፈትን አረጋገጥንና ከድራይቭ ሰረዝናቸው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም! ለካ የተሰረዘው ፋይል ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሆኖም ይቆጠራል። እሱን ባዶ ስናደርግ ከ15 በታች ወረድን፤ ትንሽ ቆይቶ ኢሜይሉ መግባት ጀመረ። በመሃል ወደ ላኪዎቹ የተመለሱት መልእክቶች ግን በራሳቸው አይመጡም፤ ደንበኞቹን እንደገና እንዲልኩልን ለመንን።