ከስካን የወጣ አማርኛ ሲታረም የሚሠሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን የሚገኘው የሰፈራችን እድር አሮጌ መተዳደሪያ ደንቡን በኮምፒውተር እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ከመጻፍ ይልቅ ስካን አድርጌ ከምስል ላይ ፊደል በሚያነብ ፕሮግራም፣ በኦሲአር፣ አሳለፍኩት። በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ ያለበት የድሮ ኅትመት ነው። ከወጣው ጽሑፍ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቋንቋውን አለመንገር ነው። የተጠቀምኩበት የኦሲአር ፕሮግራም ቴሰራክት ካልተነገረው እንግሊዝኛ ነው ብሎ ያነባል፤ ፊደሎቹም የላቲን ፊደልና የምልክት ቁልል ይሆናሉ። እንዲህ የወጣ ገጽ አይታረምም፤ እንደገና ይነበብ። ምስሉም 300 ዲፒአይ ገደማ ይሁን።

```
tesseract 01.png 01 -l amh
```

ሁለተኛው ሁለት ነጥብን በጅምላ መተካት ነው። ኦሲአሩ ፡ን እንደ እንግሊዝኛው : አወጣው፤ አራት ነጥብንም :: አደረገው። እኔ ቸኩዬ : ያለበትን ሁሉ በ፡ ተካሁ። ያኔ አራት ነጥቡ ሁለት ፡ ጎን ለጎን ሆነ። ለዓይን ያው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ። አይደለም፤ በ። ስትፈልጉ አታገኙትም። የስብሰባው ሰዓት 3:00ም ተበላሸ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ :: በ።፣ ቀጥሎ :- በ፦ ይተካ። በመጨረሻ በሁለት የግዕዝ ፊደላት መሀል ያለው : ብቻ በ፡ ይተካ። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚፈልግ ኤዲተር ካላችሁ ይህን ስጡት፦

```
(?<=[ሀ-ፚ]) ?: ?(?=[ሀ-ፚ])
```

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ ባዕድ ምልክትን ዝም ብሎ መሰረዝ ነው። ደንቡ የወጣበት ዓመት ፲፱?፷፪ ሆኖ መጣ። ጥያቄ ምልክቱን ብሰርዘው ፲፱፷፪ ይቀራል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ፲፱፻፷፪ ነው፣ 1962 ማለት ነው። መቶዋ ጠፍታለች። ምልክቱ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር እንደጎደለ እየነገረኝ ነበር። ከግዕዝ ፊደልና ቁጥር ውጭ ያለውን ሁሉ በዚህ ፈልጉት፣ እያንዳንዱንም ከምስሉ ጋር አስተያዩ፦

```
[^ሀ-፼\s]
```

በአረብኛ የተጻፉ ቁጥሮችንም ያወጣል፤ እነሱን እለፏቸው። ግን 0ን ልብ በሉ፣ ዐ ሊሆን ይችላል፦ 0ዋጅ ማለት ዐዋጅ ነው።

አራተኛው ስህተት ባዕድ ምልክቱ ሲያልቅ «ሥራው አለቀ» ማለት ነው። ፊደል በፊደል ሲተካ ይህ ፍለጋ ምንም አያሳይም። «የማይከፍል አባል» የሚለው «የማይከፈል አባል» ሆኖ ነበር። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸው፣ ፊደል አራሚ ፕሮግራምም አያቃናውም። ያገኙት አብረውኝ የተቀመጡት የእድሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ወረቀቱን ድምፅ አውጥተው ያነባሉ፣ እኔ ስክሪኑን እከተላለሁ።

«ቆይ ልጄ፣ ፍ ነው እኮ!» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ» ብዬ አቃናሁት።

ሰ እና ስ፣ በ እና ብ፣ አ እና እ ላይም እንዲሁ ነው። ገጹን ከጨረስን በኋላ ዓመተ ምሕረቶችንና የመዋጮውን ብር ብቻ ለይተን ከታች ወደ ላይ እንደገና አነበብን። ከታች ሲነበብ አፍ ለምዶት የሚያልፈው ነገር ይቀንሳል።