ጠንካራ ሪኮመንዴሽን ለምን አይገኝም? ለውጭ አገር ማስተርስ የሚያመለክቱ ባለሙያዎች ችግርና መፍትሄ

ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለውጭ አገር የማስተርስ ትምህርት ዕድል የሚያመለክቱ ወጣት ባለሙያዎች ውጤታቸውንና ሞቲቬሽን ሌተራቸውን በብዙ ድካም ያዘጋጁና የምስክርነት ደብዳቤውን ግን በመጨረሻው ሳምንት፣ ያገኙትን ባለማዕረግ ሰው ለምነው ይጨርሱታል። እኔ እንደማየው ብዙ ጥሩ ማመልከቻ የሚዳከመው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ችግሩ የሚታይባቸውን ምልክቶች፣ መነሻቸውንና ማስተካከያቸውን አንድ ምሳሌ ይዤ አስረዳለሁ። ምሳሌዬ ለማስረጃ ያህል ያዋቀርኳት አመልካች ናት፤ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሳይንስ ተመርቃ አሁን መሐል ሜዳ ላይ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት ትሠራለች፤ በእንስሳት እርባታ ማስተርስ መማር ትፈልጋለች።

ምልክት፦ ደብዳቤው ተጽፏል፤ ነገር ግን ስለ ማንም ሰው ሊጻፍ የሚችል ነው

«ታታሪ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተግባቢ» የሚል ደብዳቤ ስድብ የለበትም፤ ለመራጩ ኮሚቴ ግን ምንም አይነግረውም። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ጸሐፊው አመልካቿን በምን ሥራ ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳያት፣ ካስተማራቸው ወይም ከመራቸው ሌሎች ሰዎች ጋር ሲያነጻጽራት የት እንደሚያስቀምጣት፣ ይህንንም ያለበትን ምክንያት ነው።

መንስኤው በአብዛኛው የምርጫ ስህተት ነው። ምሳሌያችን በመጀመሪያ ያሰበቻቸው የኮሌጁን ዲንና የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር፤ የሁለቱም ማዕረግና ማኅተም ክብደት አለው ብላ። ዲኑ ግን የሚያውቋት በተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ ባለ ስም ብቻ ነው፤ ኃላፊውም የሩብ ዓመት ሪፖርቷን ከሌሎቹ ጋር ተጠርዞ አይተውት ይሆናል። ያላዩትን ነገር ሊመሰክሩ ስለማይችሉ የሚጽፉት ከላይ ያለውን ዓይነት ነው። ከሰው ሀብት ክፍል የሚወጣው የሥራ ልምድ ማስረጃም ይህን አይተካም፤ የቅጥር ቀንን፣ የሥራ መደብንና ደመወዝን ያረጋግጣል እንጂ ሥራው እንዴት እንደተሠራ አይናገርም።

መፍትሄው ስሟን የሚያውቀውን ትቶ ሥራዋን በዓይኑ ያየውን መምረጥ ነው። ለዚህች አመልካች አንደኛው ሰው የመመረቂያ ጥናቷን ያማከሯት መምህር ናቸው፤ ረቂቋን ሦስት ጊዜ መልሰውላት፣ እርሷም እያረመች ስታመጣ አይተዋታል። ሁለተኛው በወረዳው የእንስሳት ሀብት ቡድን መሪ ናቸው፤ በመንዝ በጎች እርባታ ሥራ ላይ ቀበሌ ለቀበሌ አብረው ዞረዋል። ሁለቱ ምስክሮች የተለያየ ነገር ማየታቸው ይጠቅማል፤ አንዱ ስለ ትምህርትና ምርምር ችሎታዋ፣ ሌላው ስለ መስክ ሥራዋ ሲናገር ደብዳቤዎቹ አይደጋገሙም። አንድ ማሳሰቢያ፦ የትምህርት ዕድሉ ሁለቱም ምስክሮች የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንዲሆኑ ካዘዘ ትእዛዙ ይቀድማል፤ እንዲያ ሲሆን ሁለተኛው ቢያንስ በተግባር ትምህርት ያስተማራት መምህር ይሁን።

ልዩነቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማየት ይቻላል። ዲኑ «ለመረጃ ጥራት ትኩረት የምትሰጥ ባለሙያ ናት» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ቡድን መሪው ግን እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ግልገሎች በጆንያ ተንጠልጥለው ሲመዘኑ የጆንያው ክብደት እንደማይቀነስ፣ በዝናብ ቀንም የራሰው ጆንያ እንደሚከብድ መጀመሪያ ያስተዋለችው እርሷ ናት፤ ሲወለድ 2 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ለሚመዝን ግልገል ይህ ትልቅ ስህተት መሆኑን አስረድታ የሁለት ቀበሌ መዝገብ እንደገና እንዲጣራ አድርጋለች።» የመጀመሪያው ማሞገስ ነው፤ ሁለተኛው ምስክርነት ነው፤ ከሁለተኛው ውስጥ «ትኩረት» የሚለውን ቃል አንባቢው ራሱ ያወጣዋል።

ምልክት፦ «አንቺው ጽፈሽ አምጪውና እፈርምበታለሁ»

ይህ መልስ በእኛ አካባቢ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ብዙዎች እንደ ደግነት ይቀበሉታል። መንስኤው አልፎ አልፎ ግዴለሽነት ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፦ መምህሩ በሴሚስተር ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ተማሪ ያስተምራሉ፣ ከተመረቀች ዓመታት ያለፏትን ተማሪ ዝርዝር ሥራ አያስታውሱም፣ ወይም የቡድን መሪው በእንግሊዝኛ ረጅም ደብዳቤ መጻፍ ይከብዳቸዋል።

ራሷ ብትጽፈው ምን ይሆናል? በመጀመሪያ ነገር ብዙ የትምህርት ዕድሎች ደብዳቤው በምስክሩ እንዲጻፍ በግልጽ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ነገሩ ሐሰት ነው፣ ከተደረሰበትም ማመልከቻውን ያሰርዛል። በተጨማሪም የሁለቱ ደብዳቤዎችና የሞቲቬሽን ሌተሩ አጻጻፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል፤ ተመሳሳይ ሐረግ፣ ተመሳሳይ የነጥብ አጣጣል፣ ተመሳሳይ ስህተት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ በጠቅላላ ቃላት ራሱን ያመሰግናል እንጂ ሌላ ሰው ያየበትን ጥቃቅን ነገር ሊያውቀው አይችልም። የጆንያውን ነገር እርሷ ረስታው ሊሆን ይችላል፤ ቡድን መሪው ግን ያስታውሱታል።

ስለዚህ የአመልካቿ ተግባር ለምስክሩ ትዝታውን መመለስ ነው። አንድ ገጽ ማስታወሻ ታዘጋጅ፦ የምታመለክትበት ፕሮግራምና የሚፈልገው ችሎታ በሁለት መስመር፣ ከምስክሩ ጋር የሠራችው ሥራ ከዓመተ ምህረቱ ጋር፣ በዚያ ሥራ ውስጥ ምስክሩ በቦታው የነበሩባቸው ሦስት ወይም አራት ክስተቶች፣ በመጨረሻም የማስረከቢያው ቀን። ከዚህ ጋር የትምህርት ማስረጃዋን ቅጂ፣ ሲቪዋንና የሞቲቬሽን ሌተሯን ረቂቅ ታያይዝ፤ ለመምህሩም የመመረቂያ ጥናቷን ትላክላቸው። ማስታወሻው በክስተትና በቀን እንጂ በቅጽል መሞላት የለበትም፤ «ጎበዝ ነበርኩ» የሚለው አይጠቅማቸውም፣ «በ2014 ዓ.ም. የግልገል መዝገቡን ስናጣራ» የሚለው ግን ሙሉ ቀኑን ይመልስላቸዋል። ለሁለቱ ምስክሮች የሚሰጠው ማስታወሻም የተለያየ ይሁን፤ አንዱን ገጽ ለሁለቱም ማባዛት ሁለት መንታ ደብዳቤ ያመጣል።

እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ምስክር ፕሮግራሙ በሌላ ቋንቋ የተጻፈን ደብዳቤ ከትርጉሙ ጋር ይቀበል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የማይቀበል ከሆነ በአጭርና በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ግማሽ ገጽ በተዋሱት ያጌጠ ቋንቋ ከተጻፈ ሁለት ገጽ እንደሚበልጥ ንገሯቸው፤ እውነትም ነው።

ምልክት፦ «እሺ» ብለዋል፤ ነገር ግን ፍላጎት ያላቸው አይመስልም

ሳይጠይቁ «ችግር የለም፣ ላኪው» ማለት፣ ማስታወሻው ሲሰጣቸው አለማየት፣ ስለ ፕሮግራሙ አንድም ጥያቄ አለማንሳት ምልክቶቹ ናቸው። ምንጩ ይሉኝታ ነው። በተለይ በዘመድ ወይም በሚያከብሩት አማላጅ በኩል የተጠየቁ ሰዎች እምቢ ማለት አይችሉም፤ አማላጁ ደብዳቤውን ያስገኛል፣ ጥንካሬውን ግን ማስገኘት አይችልም። ሞቅ ባለ ደብዳቤዎች መካከል አንድ ለብ ያለ ደብዳቤ ሲገኝ አንባቢው «ይህ ሰው ያልጻፈው ምንድን ነው?» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም።

ማስተካከያው አጠያየቁ ላይ ነው። ራስዎ ይጠይቁ፤ ቢቻል በአካል፣ ካልሆነም በስልክ ደውለው ከዚያ በጽሑፍ ያረጋግጡ። ጥያቄው መውጫ በር ሊኖረው ይገባል። ለአማካሪዋ የምትልከው መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የመመረቂያ ጥናቴን በ2013 ዓ.ም. ያማከሩኝ ተማሪዎ ነኝ። በእንስሳት እርባታ ለማስተርስ ላመለክት ነው፤ ፕሮግራሙ የአመልካቹን የምርምር ሥራ በቅርብ ያየ መምህር እንዲመሰክር ይጠይቃል። እርስዎ ካዩት ሥራዬ ተነሥተው ጠንካራ ምስክርነት ሊሰጡኝ የሚችሉ ይመስልዎታል? ጊዜ ባይኖርዎት፣ ወይም ሥራዬን በበቂ አላየሁትም የሚሉ ከሆነ በግልጽ ቢነግሩኝ በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ሌላ መምህር ለመጠየቅ ጊዜ አለኝ። ፈቃድዎ ከሆነ ማስታወሻዬን በዚህ ሳምንት አደርስልዎታለሁ።»

«ሌላ መምህር ለመጠየቅ ጊዜ አለኝ» የሚለው እውነት እንዲሆን ጥያቄው ከማስረከቢያው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መቅረብ አለበት። «ሥራ በዝቶብኛል» ካሉ አመስግኖ መተው ነው፤ ደግሞ መለመን የደከመ ደብዳቤ በገዛ እጅ ማስጻፍ ነው።

ምልክት፦ ደብዳቤው ሳይገባ ቀኑ አለፈ

እዚህ መንስኤዎቹ ቀላል ናቸው፤ የሚያስከትሉት ጉዳት ግን የከፋ ነው። በአንዳንድ የማመልከቻ ሲስተሞች የምስክሩ ሊንክ የሚላከው ስማቸውና ኢሜይላቸው እንደተሞላ ሲሆን፣ በሌሎች ደግሞ አመልካቹ ማመልከቻውን ካስገባ በኋላ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ቀን የሚያስገባ ሰው ለምስክሩ የሚተውለት ጊዜ የለም። ብዙ ተቋማት የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይመርጣሉ፤ ሆኖም ብዙ መምህራን በየቀኑ የሚከፍቱት የግል ኢሜይላቸውን ስለሆነ የትኛውን እንደሚያዩ ጠይቆ መሙላት ያስፈልጋል። ሊንኩ በተላከ ማግስት ደውሎ «ደርሶዎታል? እስፓም ውስጥም ይመልከቱልኝ» ማለት ነውር የለበትም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅጽ ደብዳቤውን የማየት መብትዎን ይተዉ እንደሆነ ሲጠይቅ መተው ይሻላል፤ ጸሐፊው በነጻነት እንደጻፈ ስለሚቆጠር ደብዳቤው የበለጠ ይታመናል።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ማስረከቢያው «ጃንዋሪ 15፣ 23:59 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» ከሆነ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኞቹ ዓመታት ጥር 7 አልፎ ከሌሊቱ 7:59 ማለት ነው። ጊዜው ከገና በኋላና ከጥምቀት ጥቂት ቀናት ቀድሞ ይውላል፤ መምህሩ ወደ ትውልድ ቦታቸው፣ ኔትወርክ ወደሚቆራረጥበት ገጠር ሄደው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለምስክሩ የሚነገረው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከገና በፊት፣ ለምሳሌ ታኅሣሥ 24 ይሁን። ከዚያ አሥር ቀን ቀድሞ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ሌላ ጊዜ ማስታወስ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዱ ምስክር ድምፃቸው ቢጠፋስ? ከመጀመሪያው ሦስተኛ ሰው አነጋግሮ ፈቃዳቸውን አግኝቶ ማቆየት ነው፤ ለእርሳቸውም የየራሳቸው ማስታወሻ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ብዙ ሲስተሞች ያልመለሰን ምስክር በሌላ ለመተካት ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ማመልከቻው ከገባ በኋላ ይቆልፉታል፤ ስለዚህ ከማስገባትዎ በፊት የመተኪያውን ደንብ ያንብቡ፤ ግልጽ ካልሆነም ለፕሮግራሙ በኢሜይል ይጻፉ። ሦስተኛውን ሰው ሳያስፈልጉ ከቀሩም ደውሎ መንገር ይገባል፤ ሊንክ እየጠበቁ እንዲቆዩ ማድረግ ተገቢ አይደለም።