ዜድ ስኮሩ የሸፈነውን ፐርሰንቱ አሳየን

ድሬዳዋ ላብራቶሪያችን የውጭ ጥራት ምዘና ሪፖርት ደረሰን። የግሉኮስ ዜድ ስኮር 3.2፣ የሶዲየም 4.5። 3 እና ከዚያ በላይ ተቀባይነት የለውም። ክሬቲኒን በ1.6 አለፈ። የየዕለቱ ኮንትሮላችን ደግሞ ምንም ችግር አላሳየም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የከተማችን ሙቀት ነበር። የፍሪጁ መዝገብ ግን ንጹሕ ነው። ካሊብሬሽን ደገምን፣ ሪኤጀንት ቀየርን። ለውጥ የለም።

የፈታው ዜድ ስኮሩን ትቶ ልዩነቱን በፐርሰንት ማስላት ነው። ግሉኮስ በ110 ፈንታ 117፣ ሶዲየም በ140 ፈንታ 149፣ ክሬቲኒን በ2.00 ፈንታ 2.13። ሁሉም በ6.4 ፐርሰንት ገደማ ከፍ ብለዋል! ዜድ ስኮር ልዩነቱን ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስለሚያካፍል፣ አንዱ ስህተት በሦስት የተለያየ ቁጥር ታየ። ክሬቲኒን ያለፈው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከመጠኑ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ብቻ ነው።

ሁሉም እኩል ከፍ ካለ ናሙናው ወፍሯል ማለት ነው። የምዘናው ናሙና በዱቄት መልክ ይመጣል፤ የሚሟሟው በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። በዚያው ፒፔት ውሃ ቀድተን በሚዛን ለካን። በ30 ዲግሪ 4.98 ግራም መሆን ሲገባው 4.68 ሆነ። ፒፔቱ 4.7 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር የሚሰጠው። ኮንትሮላችን ዝግጁ ፈሳሽ ስለሆነ ይህን ሊያይ አይችልም።

መጠባበቂያውን ቫያል በሌላ ፒፔት አሟሟነው። ግሉኮስ 110.5፣ ዜድ ስኮር 0.2።

አንድ ነገር ግን ሳታጣሩ ፋይሉን አትዝጉ፤ ካሊብሬተሩስ በየትኛው ፒፔት ተሟሟ? የእኛ በሌላ ነበር፣ የታካሚ ውጤት አልተነካም። በዚያው ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ስህተት ተጣፍቶ ምዘናውን እናልፍ ነበር፤ የታካሚው ግሉኮስ ግን ዝቅ ብሎ ይወጣል።