የዜና ትንታኔ ቪዲዮ ርዕስ፣ መግለጫና ቀን እንዴት ይጻፋል

ርዕስ ከማሰብዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ በስንት ቀን። ይህን በአንድ መስመር መጻፍ ካቃተ ችግሩ ርዕሱ ላይ አይደለም፤ ትንታኔው የቆመበት ወሬ ገና አልጠራም ማለት ነው።

ለምሳሌ እንዲህ እንበል። አንድ ማዕከላዊ ባንክ መጋቢት 3 ቀን የወለድ ምጣኔውን ከ7 ወደ 8 በመቶ እንደሚያሳድግ፣ ለውጡም ከሚያዝያ 1 ጀምሮ እንደሚጸና አስታወቀ። እርስዎ መጋቢት 4 ቀረጹ፤ አርትዖቱ ጊዜ ወስዶ ቪዲዮው መጋቢት 6 ወጣ።

ርዕሱን ሲጽፉ መጀመሪያ ግሱን ይመርምሩ። ብዙ ስህተት የሚገባው በስም ወይም በቁጥር ሳይሆን በግሱ በኩል ነው። ባንኩ «አሳድጋለሁ» አለ እንጂ መጋቢት 6 ላይ ገና አላሳደገም፤ ስለዚህ «ወለድ ጨመረ» የሚለው ርዕስ እስከ ሚያዝያ 1 ድረስ ሐሰት ነው። «ሊያሳድግ ነው» ትክክል ነው። አንድ ኃላፊ «እያሰብንበት ነው» ብሎ ብቻ ከሆነ ደግሞ «ሊያሳድግ ነው» ራሱ ይበዛል፤ «እያጤነ መሆኑን ገለጸ» ይበሉ። ርዕሱ ምንጩ ከተናገረው በላይ እርግጠኛ መሆን የለበትም።

ቀጥሎ «ጉድ»፣ «አስደንጋጭ»፣ «ተጋለጠ»፣ «አለቀለት» የሚሉትን ያውጡ። ቃሉን ሲያነሱ የሚጎድል መረጃ ከሌለ ቃሉ ማጋጋያ ብቻ ነበር። «ሰበር ዜና» ለትንታኔ ጨርሶ አይሆንም፤ ትንታኔ ከዜናው በኋላ የሚመጣ ነው። የጥያቄ ምልክትም መሸሸጊያ ይሆናል። «ባንኩ ሊወድቅ ነው?» ብሎ ጠይቆ በቪዲዮው ውስጥ «አይደለም» ብሎ መመለስ፣ ርዕሱን ብቻ አይቶ ያለፈውን ሰው ጥርጣሬ አሸክሞ ይሰደዋል። ጥያቄ መጠቀም ካስፈለገ ቪዲዮው በእርግጥ የሚመልሰው ይሁን፦

«ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ወደ 8 በመቶ ሊያሳድግ ነው፦ ተበዳሪዎችን እንዴት ይነካል? | ትንታኔ»

ዩቲዩብ ለርዕስ 100 ፊደል ይፈቅዳል፤ ስልክ ላይ ግን ረጅም ርዕስ ስለሚቆረጥ ዋናው ፍሬ ነገር ከፊት ይምጣ። በሽፋን ምስሉ ላይ የሚጻፈውም በዚሁ ሕግ ይመራ። ርዕሱ ጨዋ ሆኖ ምስሉ ቢጮህ ልፋቱ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ቀኖቹ። በምሳሌው ውስጥ አራት ቀኖች አሉ፦ የተነገረበት፣ የተቀረጸበት፣ የወጣበትና የሚጸናበት። ተመልካቹ ከገጹ ላይ የሚያየው የወጣበትን ብቻ ነው። ባንኩ መጋቢት 5 ላይ «ለውጡን ወደ ግንቦት 1 አዛውረነዋል» ቢል፣ መጋቢት 6 የወጣው ቪዲዮ አዲሱን ውሳኔ እያወቀ የደበቀ ይመስላል። መድኃኒቱ የመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ነው፤ ተመልካቹ መግለጫውን ሳይከፍት የሚያየው መጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ ታች ቢቀበር አይጠቅምም፦

«የተቀረጸው መጋቢት 4 ቀን ነው፤ ባንኩ መጋቢት 3 በሰጠው መግለጫ ላይ የተመሠረተ ነው። መጋቢት 5 ባንኩ የሚጸናበትን ቀን ወደ ግንቦት 1 አዛውሯል።»

ዓመተ ምሕረቱንና የዘመን አቆጣጠሩን አብረው ይጻፉ። «ዛሬ»፣ «ትናንት»፣ «በዚህ ሳምንት» ከርዕሱም ከመግለጫውም ይውጡ፤ ቪዲዮው ከስድስት ወር በኋላ በፍለጋ ሲገኝ «ዛሬ» የሚለው ቃል ይዋሻል። ዩቲዩብ የወጣበትን ቀን የሚያሳየው በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት መሆኑንም አይርሱ። ከዚያ ሰዓት ቀድመው በሚገኙ አገሮች በማለዳ የተለቀቀ ቪዲዮ አንድ ቀን ቀድሞ የወጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። የቀረጻውን ቀን በራስ እጅ መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ከዚያ በታች የምንጮቹን ማስፈንጠሪያ ያስቀምጡ፤ ባንኩ ያወጣው መግለጫ ካለ ስለ እሱ ከተጻፈው ዜና ይቅደም። ታጎች ለፍለጋ የሚያመጡት ጥቅም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አያባክኑባቸው። በቪዲዮው ውስጥ ያልተነሳ ታዋቂ ሰው ስም ግን እዚያ አይግባ፤ አሳሳች ከመሆኑም በላይ የዩቲዩብን ደንብ ይጥሳል።

ከወጣ በኋላ ስህተት ቢገኝስ? በዚያው ማስፈንጠሪያ ላይ ቪዲዮውን በሌላ ፋይል መተካት አይቻልም፤ መግለጫውን ማረም ግን ይቻላል። የማረሚያውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ እንዲህ ይጻፉ፦

```
Correction:
4:10 «9 በመቶ» የተባለው 8 በመቶ ነው።
```

ዩቲዩብ ይህን አይቶ በዚያ ደቂቃ ላይ የማረሚያ ምልክት ያወጣል። ቃሉ በአማርኛ ከተጻፈ ምልክቱ አይወጣም። የምዕራፍ ዝርዝር ካለዎት ማረሚያው ከእሱ በታች ይሁን። ስህተቱ ርዕሱ ላይ ከሆነ ርዕሱን ወዲያው ይቀይሩና መግለጫው ውስጥ የቀድሞውን ቃልና የተቀየረበትን ቀን ይጻፉ፤ አሮጌውን ርዕስ አይቶ ለሌላ ያጋራ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደተለወጠ ያገኘዋል።