ፊብሪሌሽን ነው ፍለተር? አር-አሩን በ0.2 ሞክሩት

የካርዲዮሎጂ ጥያቄ ላይ «ምቱ የተዛባ ነው፣ ፒ ዌቭ አይታይም» የሚል ስትሪፕ ሲገጥማችሁ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ብላችሁ ለማክበብ አትቸኩሉ። ፍለተርም ብሎኩ ከተለዋወጠ ምቱ ይዛባል። መጀመሪያ የአር-አር ርቀቶቹን እዩ።

ለምሳሌ ጥያቄው 0.4፣ 0.8፣ 0.6፣ 0.4 ሰከንድ ቢል፣ ሁሉም የ0.2 ብዜቶች ናቸው። ይሄ ፍለተር ነው። 0.44፣ 0.71፣ 0.53፣ 0.87 ቢል ግን ምንም የጋራ መለኪያ የለውም፤ ፊብሪሌሽን በሉት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በፍለተር ኤትሪየሙ በአንድ ዙር መንገድ እየተሽከረከረ በደቂቃ 300 ገደማ ይመታል፤ ማለትም በየ0.2 ሰከንዱ፣ በወረቀቱ ላይ አንድ ትልቅ ካሬ። ኤቪ ኖዱ የተወሰኑትን ብቻ ስለሚያሳልፍ ርቀቱ በደፈናው የዚያ ብዜት ይሆናል። በፊብሪሌሽን ግን ኤትሪየሙ ራሱ የተዘበራረቀ ስለሆነ ምቱ ምንም ሥርዓት የለውም።

ምቱ ወጥ፣ ኪውአርኤሱ ጠባብ፣ ፍጥነቱም 150 አካባቢ ከሆነስ? ከሁለት አንዱ የሚያልፍበትን ፍለተር ቀድማችሁ ጠርጥሩ። ሁለተኛው ማዕበል ኪውአርኤስ ወይም ቲ ዌቭ ውስጥ ይደበቃልና «የመጋዝ ጥርስ» የሚለው ቃል ባይኖርም አይግረማችሁ።

0.2 ግን ግምት ነው። ሕመምተኛው ፍሌካይናይድ ወይም አሚዮዳሮን ከወሰደ ፍለተሩ ይዘገያል፤ ያኔ 60ን ለተሰጠው የኤትሪየም ፍጥነት አካፍሉ፣ 240 ከሆነ መለኪያችሁ 0.25 ነው። ደግሞ ፊብሪሌሽን ላይ ሙሉ የኤቪ ብሎክ ሲጨመር ምቱ ዘገምተኛና ወጥ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ይሄ ዘዴ አይሠራም።